ማሰሪያው ግሥ ሲመጣ

«ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ደመወዝ መጨመር ብቻ ሳይሆን የሕክምና ወጪያቸውንም ይሸፍናል።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በመግለጫውም በዜናውም ሞልቷል። ሐሳቡ ይገባል፤ ግን መጨረሻው ላይ ይጎረብጣል።

በአማርኛ ማሰሪያው ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንባቢ ከ«ብቻ ሳይሆን» ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለት ነገሮች ይዞ ይቆይና ግሡ ሲደርስ ሁለቱንም እሱ ላይ ያስራል። እዚህ ግሡ «ይሸፍናል» ነው። «የሕክምና ወጪያቸውን ይሸፍናል» ያስኬዳል፤ «ደመወዝ መጨመር ይሸፍናል» ግን አይባልም። ስሕተቱን ለመያዝ አንዱን ወገን ሸፍኖ ሌላውን ከግሡ ጋር ብቻውን ማንበብ ይበቃል።

ማቃኛው ብዙ ነው። «መሸፈንም ጀምሯል» ብሎ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው በ«መ» ማስኬድ ይቻላል፤ ነገር ግን ያልነበረ «ጀምሯል» ይገባበታል። እኔ የምመርጠው «ደመወዝ ከመጨመሩም በላይ የሕክምና ወጪያቸውን ይሸፍናል» የሚለውን ነው። ሁለቱ ድርጊቶች የየራሳቸውን ግሥ ያገኛሉ።

«ብቻ» የሚቀመጥበት ቦታም ቀላል ነገር አይደለም። «ማኅበሩ ለአባላቱ ብቻ ሳይሆን ሥልጠናም ይሰጣል» ሲባል አንባቢ የሚጠብቀው «ለጎረቤቶቻቸውም» የሚለውን ነው፤ «ብቻ» የተለጠፈው አባላቱ ላይ ነውና። ጸሐፊው ሊል የፈለገው «ለአባላቱ ብድር ብቻ ሳይሆን ሥልጠናም ይሰጣል» ከነበረ፣ «ብድር» የሚለው ቃል መዝለሉ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ሌላ ጉዳይ ወስዶታል።

«ወይም» ላይ ደግሞ ስሕተቱ ገንዘብ ሊያስከፍል ይችላል። «ተከራዩ ኪራዩን በየወሩ ወይም በባንክ ይከፍላል» የሚል ውል አስቡ። አንዱ ጊዜ ነው፤ ሌላው የአከፋፈል መንገድ። በባንክ የሚከፍል ሰው በየወሩ መክፈል አይጠበቅበትም ብሎ የሚከራከር ቢነሳ ጽሑፉ ይደግፈዋል። «በየወሩ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ» ቢባል ግን ምርጫው በመንገዶቹ መካከል ብቻ ይሆናል።

በዝርዝር ላይ በብዛት የሚያጋጥመው የሥራ ማስታወቂያ ነው፦ «መዝገብ መያዝ፣ ደንበኞችን ማስተናገድ፣ ሪፖርት ያዘጋጃል፣ የመጋዘን ቁጥጥር።» ሁለቱ በ«መ» ጀመሩ፣ ሦስተኛው ሙሉ ግሥ ሆነ፣ አራተኛው ስም ሆኖ ቀረ። «ማዘጋጀት» እና «መጋዘን መቆጣጠር» ቢባሉ ይስተካከላል። መስተዋድድም እንዲሁ ነው፦ «በአዳማ፣ ሐዋሳና በባሕር ዳር» ከሚሉ ወይ ሦስቱም ላይ «በ» ማድረግ፣ ወይ መጀመሪያው ላይ ብቻ መተው።

በጨዋታ መካከል እንዲህ ያለውን ማንም አይቆጥርም፤ ድምፅና ዓይን ያሟሉታል። በጽሑፍም ቢሆን የማይመሳሰሉ ነገሮችን በግድ አንድ መልክ ከማስያዝ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት መክፈል ይሻላል።