ከእቁብ እስከ ቬንቸር ካፒታል፦ የአንድ ቡና ሰብሳቢ ሒሳብ

መስከረም ጠብቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር ሚዛን ከተማ ብር ይፈለጋል። እሸቱ የሚለቀመው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው፤ ገበሬው ማዳበሪያ ሙሉ ቀይ ቡና ተሸክሞ ሲመጣ የሚፈልገው ጥሬ ገንዘብ እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ከሸዋ ቤንችም ሆነ ከቴፒ በኩል እሸት ገዝቶ፣ አድርቆ የሚሸጥ ሰው የመጀመሪያ ችግሩ ይኸው ነው፤ ብሩ ዛሬ ይወጣል፣ የሚመለሰው ግን ቡናው ደርቆ ሲሸጥ ነው።

የሥራ ፈጠራ መማሪያ መጻሕፍት አዲስ ድርጅት ገንዘብ የሚያገኝበትን መንገድ በደረጃ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ በራስ አቅም መነሳት ነው፤ በእንግሊዝኛ የራስን ቦት ጫማ ማንጠልጠያ ጎትቶ ራስን ከማንሳት ጋር አመሳስለው ቡትስትራፒንግ ይሉታል። ቀጥሎ ኤንጀል ኢንቨስተር፣ ከዚያም ቬንቸር ካፒታል ይመጣል። ልዩነታቸውን ለማየት አንዲት ቡና ሰብሳቢ በሐሳባችን እናቁም። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው።

በእጇ 120 ሺህ ብር አላት። አሥር ሰዎች በየወሩ 10 ሺህ የሚጥሉበት እቁብ ገብታለች፤ መስከረም ላይ የመጀመሪያው ዕጣ ደረሳትና 100 ሺህ ወሰደች። ልብ በሉ፣ እቁብ ለመጀመሪያዋ ወሳጅ ብድር ነው፤ 10 ሺህ ጥላ 100 ሺህ ስታነሳ የዘጠኝ ወር ዕዳዋ 90 ሺህ ነው፣ ወለድ የለውም። ለመጨረሻዋ ወሳጅ ደግሞ ቁጠባ ነው፣ እሱም ያለ ወለድ። ስለዚህ ነው ቀድሞ የወሰደ ሰው ዋስ ጥራ የሚባለው። የቀረውን 80 ሺህ ከአንድ ነጋዴ በቅድሚያ ክፍያ ተቀበለች። ድምሩ 300 ሺህ።

እሸቱን በኪሎ 50 ብር ብትገዛ 6 ሺህ ኪሎ ታገኛለች። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስለሚወጣው፣ ደርቆና ተፈልፍሎ 10 ኩንታል ገደማ ይሆናል። እሸቱ ሳይፈለፈል አልጋ ላይ ጀንፈል ሆኖ እስኪደርቅ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ መፈልፈያውና ሽያጩ ሲጨመር ብሯ አንድ ወር ተኩል ያህል ይታሰራል። ለቀማው ሦስት ወር ቢቆይ ያው 300 ሺህ ብር ሁለት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የሰብሳቢ ትርፍ የሚወሰነው ካላት ብር መጠን ይልቅ ብሩ በወቅቱ ስንት ጊዜ በመዞሩ ነው።

ነጋዴው የሰጣት ቅድሚያ ክፍያ ወለድ የለውም ይባላል፤ እኔ ግን ከሦስቱ ውዱ እሱ ነው እላለሁ። ሰውየው 80 ሺህ ስለሰጠ ንጹሑን ቡና ከገበያው በኪሎ 20 ብር ቀንሶ ይወስዳል እንበል። በ10 ኩንታል 20 ሺህ ብር ቀረባት። ይህ ለ80 ሺህ ብር፣ ለአንድ ወር ተኩል፣ 25 በመቶ መክፈል ነው። ባንክ በዓመት የሚጠይቀው ከዚህ ያንሳል፤ ችግሩ ባንኩ “ቤት ወይም ሕንፃ አስይዢ” ይላታል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ በመጋዘን ያለ ምርትና እንስሳት ሳይቀሩ ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል፤ ስለዚህ ሰብሳቢዋ ለነጋዴው ከመፈረሟ በፊት ይህን ባንኩን መጠየቋ ደግ ነው።

የብር እጥረት ያለበትን ቤት በመዝገብ ብቻ ሳይሆን በቡናውም ታውቁታላችሁ። የእቁብ መጣያ ቀን ሲደርስና እጅ ባዶ ሲሆን፣ አልጋ ላይ አንድ ሳምንት የሚቀረው ጀንፈል ይነሣና ይሸጣል። እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ መውረድ ሲገባው ከዚያ በላይ ሆኖ መጋዘን የገባ ቡና ይሻግታል፣ ደረጃው ይወርዳል። ወርኃዊ ዕዳና የቡና ወቅት አለመግጠማቸው ነው ሻጋታውን ያመጣው።

በራስ አቅም መሥራት ከሁለት ወይም ከሦስት ወቅት በኋላ ጣሪያ ይነካል። ሰብሳቢዋ አሁን እሸት መፈልፈያ ማሽን፣ ተጨማሪ አልጋና መጋዘን ትፈልጋለች፤ 2 ሚሊዮን ብር። ይህ በአንድ ወቅት የማይመለስ ገንዘብ ነውና በእቁብ አይሠራም። ኤንጀል ኢንቨስተር የሚባለው እዚህ ላይ ይገባል፤ ስያሜው የመጣው በኒውዮርክ ብሮድዌይ የቲያትር ወጪ ከሚሸፍኑ ባለጠጎች ነው። ከቬንቸር ካፒታል የሚለየው ዋናው ነገር የራሱን ገንዘብ ማውጣቱ ነው። ቡና ላኪ የነበረና መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከሆነ፣ ከብሩ ይልቅ የሚያስተዋውቃት ገዢ ሊበልጥባት ይችላል።

ድርጅቷ ብሩ ሳይገባ 6 ሚሊዮን ያወጣል ብለው ቢስማሙ፣ 2 ሚሊዮኑ ሲጨመር 8 ሚሊዮን ይሆናል። የባለሀብቱ ድርሻ ከስምንቱ ሁለት፣ ማለትም 25 በመቶ ነው። ብዙ ሰው ሁለትን ለስድስት አካፍሎ ሲሦውን ይፈርምለታል፤ ስለዚህ “ስድስት ያወጣል” ሲባል ብሩ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞ ይህ ድርሻ ለማሽኑ ይሁን። የመስከረምን እሸት ለመግዛት ድርሻ የሸጠ ሰው ለሦስት ወር ችግር ዕድሜ ልክ ይከፍላል።

ቬንቸር ካፒታል የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው። ፈንዱ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ብሩን ለባለቤቶቹ መመለስ አለበት፤ ከያዛቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ እንደሚወድቁ አስቀድሞ ያውቃል፣ አንዱ ወይም ሁለቱ የሁሉን ኪሳራ እንዲከፍሉለት ይጠብቃል። ፈር ቀዳጁ ምሳሌ በ1946 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ዶሪዮ ከሌሎች ጋር በቦስተን ያቋቋመው ድርጅት ነው። በ1957 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ለተባለ ጀማሪ ኮምፒውተር ሠሪ 70 ሺህ ዶላር ሰጥቶ 70 በመቶ ያህል ድርሻ ያዘ፤ ኩባንያው በ1966 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ያ ድርሻ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ።

የሚዛን ቡና እንዲህ አያድግም። የተተከለ ቡና ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ በሰብሳቢዋ ዙሪያ ያለውን እሸት በአሥር እጥፍ የሚያበዛ ብር የለም። ወደ አገራችን የገቡት ፈንዶችም ብዙ ጊዜ የቆመ ድርጅት ነው የፈለጉት። 8 ማይልስ የተባለው፣ ቦብ ጌልዶፍ ይመራው የነበረው ፈንድ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ አዋሽ ወይን ጠጅ ሲገባ ፋብሪካው የአሥርት ዓመታት ዕድሜ ነበረው። ያ የማስፋፊያ ካፒታል ነው፣ ቬንቸር አይባልም።

ያም ሆኖ ፈንድ መጣላት እንበል፤ 20 ሚሊዮን ብር አስገብቶ 20 በመቶ ወሰደ። የእሷ 75 በመቶ ወደ 60፣ የኤንጀሉ 25 ወደ 20 ወረደ። ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ ድርጅቱ ሲሸጥ ፈንዱ ያስገባውን ብር በቅድሚያ መልሶ ይወስዳል፣ ወይም የሚበልጥ ከሆነ ድርሻውን ይወስዳል። ገበያው ቀዝቅዞ ድርጅቱ በ30 ሚሊዮን ተሸጠ። የ30 ሚሊዮን 20 በመቶ 6 ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ ፈንዱ 20ውን ይመርጣል። የቀረው 10 ሚሊዮን በሁለቱ መካከል ሦስት እጅና አንድ እጅ ሆኖ ይከፈላል፤ ለእሷ 7.5፣ ለኤንጀሉ 2.5 ሚሊዮን። የ60 በመቶ ባለቤት ሆና የደረሳት ሩብ ነው።

እዚያው ሚዛን ላይ ግን ለቬንቸር ካፒታል የሚሆን ሌላ ሥራ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ሕግ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ በካርታ እንዲታወቅ ያዛል። የገበሬውን ማሳ በስልክ የሚመዘግብ ሶፍትዌር አንዴ ከተሠራ ከቤንች ወደ ከፋ፣ ከዚያም ወደ ሲዳማ ለመሄድ አዲስ ዛፍ አያስፈልገውም። ፈንዱ ግን መውጫውንም ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር፤ እንደ ባንክ ላልገዘፈ ትንሽ ድርጅት ግን ቅርቡ መውጫ በትልቅ ቡና ላኪ ወይም በሌላ ኩባንያ መገዛት ነው።