ውጤቱ ሳይታይ የሚጻፍ ውሳኔ

የስልታዊ ዳሰሳ ፕሮቶኮል ጥናቶቹ ከመፈለጋቸው በፊት የሚጻፍ ውሳኔ ነው። የትኞቹ ጥናቶች እንደሚፈለጉ፣ በምን ቃላት እንደሚፈለጉ፣ የትኛው እንደሚገባና የትኛው እንደሚወጣ በቀን ተመዝግቦ ይቀመጥበታል። በተግባር የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ጥናቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ስሌቱ ይሠራል፣ ጽሑፉ ያልቃል፤ መጽሔቱ የምዝገባ ቁጥር ሲጠይቅ ፕሮቶኮሉ ያኔ ይጻፋል። ፕሮቶኮል ማለት ለመጽሔት የሚሞላ ቅጽ ነው የሚለው ግንዛቤ በየሥልጠናው ቢታረምም በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ደጋግሞ ማስረዳቱም ያታክታል።

አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በኢትዮጵያ ነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ የሚታየውን የደም ማነስ ስርጭት ሊያጠቃልል ተነሣ። ቁጥሮቹ በሰንጠረዥ ሰፍረው ካበቁ በኋላ አንድ ነገር ታየ። ከፊሎቹ ጥናቶች የሄሞግሎቢን መጠኑን በአካባቢው ከፍታ አስተካክለዋል፤ ከፊሎቹ አላስተካከሉም። ቡድኑ ስሌቱን በሁለት መንገድ ሠራ፦ አንዴ ሁሉንም ይዞ፣ አንዴ ያልተስተካከሉትን አስወጥቶ። ከዚያ አንዱን መረጠና በዘዴው ክፍል ላይ ከመጀመሪያው እንደተወሰነ አድርጎ ጻፈው። የተመረጠው መንገድ ትክክለኛው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስለሚሻል ይመረጥ ወይም ውጤቱ ስላማረ ይመረጥ፣ አንባቢው ቀርቶ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ከእንግዲህ መለየት አይችሉም። ጉዳቱ ይሄ ነው፤ ኋላ በሚጻፍ ማብራሪያም አይጠገንም።

በዚህ ርዕስ ላይ የማካተቻ መስፈርቱ ምን ሊል ይገባ እንደነበር በዝርዝር ማየት ይቻላል። አብዛኞቹ ፕሮቶኮሎች «የደም ማነስ ስርጭትን የዘገቡ ጥናቶች ይካተታሉ» ብለው ያልፋሉ። ይህ ርዕሱን መድገም ነው እንጂ መስፈርት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ባሠራው መለኪያ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢኗ በዴሲሊትር ከ11 ግራም በታች ከሆነ የደም ማነስ አለባት ይባላል። ከፍ ባለ ቦታ ላይ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢኑን ይጨምራል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. የ2011 መመሪያ ከተለካው መጠን ላይ የከፍታ ቅናሽ እንዲደረግ ያዝ ነበር፤ ለ2,000 ሜትር 0.8 ግራም፣ ለ2,500 ሜትር 1.3 ግራም። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን 11.5 የተለካች ሴት ሳይቀነስላት ጤነኛ ትባላለች፤ 1.3 ሲቀነስ 10.2 ትሆናለች፣ ታማሚም ናት። ጋምቤላ ላይ በዚያው 11.5 የተለካች ሴት ግን የደም ማነስ የለባትም። ያልተስተካከለ የደጋ ጥናት እንግዲህ ስርጭቱን አሳንሶ ያሳያል ማለት ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው መመሪያ ለሁለተኛው የእርግዝና ሦስት ወር ድንበሩን ወደ 10.5 ዝቅ አድርጓል፤ የከፍታ ቅናሾቹንም ከልሷል።

ደጋና ቆላ ተጎራብተው በሚኖሩበት አገር ይህ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ሰንጠረዡ እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልገውም። ፕሮቶኮሉ ሊል የሚገባው በግምት እንዲህ ነው፦ በነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ ሄሞግሎቢን የለካ ጥናት ሁሉ ይገባል፤ ዋናው ስሌት ከ1,000 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች በከፍታ የተስተካከለውን ይወስዳል፤ ያልተስተካከሉት ለብቻቸው ተሰልተው ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ የትኛውን መመሪያ እንደተከተለ ለየጥናቱ ይመዘገባል። ሌላ ሰው የተለየ ምርጫ ቢያደርግ መብቱ ነው፤ ቀኑ ይቅደም እንጂ።

በየፕሮቶኮሉ ተደጋግሞ የሚገኝ ሌላ መስፈርት ደግሞ ጨርሶ ሊቀር ይገባዋል፤ «ሙሉ ጽሑፋቸው በነፃ የሚገኙ ጥናቶች ብቻ» የሚለው። በነፃ መገኘት የመጽሔቱ የሽያጭ ስምምነት ጉዳይ ነው፤ ስለ ሴቶቹም ሆነ ስለ ሄሞግሎቢናቸው የሚናገረው የለም። ጽሑፉ ካልተገኘ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በኩል ይፈለጋል፣ ለጸሐፊው ኢሜይል ይጻፋል፤ ያም ካልሆነ «ያልተገኘ» ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል።

የፍለጋ ሐረጉ ከመስፈርቱ ይወለዳል። በፐብሜድ ላይ ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሚሆነው የሚከተለው ነው፦

```
(anemi*[tiab] OR anaemi*[tiab] OR hemoglobin[tiab]
 OR haemoglobin[tiab] OR "Anemia"[Mesh])
AND (pregnan*[tiab] OR antenatal[tiab] OR "Pregnancy"[Mesh])
AND (Ethiopia*[tiab] OR "Ethiopia"[Mesh] OR Jimma[tiab]
 OR Hawassa[tiab] OR Awassa[tiab])
```

በእያንዳንዱ ቅንፍ ውስጥ የአንድ ሐሳብ ልዩ ልዩ መጠሪያዎች በ`OR` ይያያዛሉ፤ ቅንፎቹ እርስ በርሳቸው በ`AND`። የአሜሪካና የእንግሊዝ አጻጻፍ ለየብቻ መግባታቸው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን `anemi*` ብቻ የጻፈ ሰው በእንግሊዝ ፊደል የጻፈውን ተመራማሪ በርዕስና በአብስትራክት አያገኘውም። በ`[Mesh]` ብቻ መተማመንም አይቻልም፤ ያ መለያ በማውጫ ሠራተኞች ወይም በማሽን የሚለጠፍ ስለሆነ አዳዲስ መዝገቦችና በሜድላይን ያልታቀፉ መጽሔቶች ላይኖራቸው ይችላል።

ከውጭ የተቀዳ ሐረግ የሚሰናከለው ግን በሦስተኛው ቅንፍ ነው። የአገራችን ከተሞች ስም በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። ሐዋሳ በአንዱ ጽሑፍ `Hawassa`፣ በሌላው `Awassa` ነው፤ ኦሮሚያ `Oromia`ም `Oromiya`ም ይባላል። አብስትራክቱ የከተማውን ስም ጠርቶ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ከዘለለ ያ ጥናት ይጠፋል። ስለዚህ የክልሎችና የዋና ዋና ከተሞች ዝርዝር ከነልዩ ልዩ አጻጻፉ ተዘጋጅቶ ይጨመራል፤ ከላይ ያሉት ለናሙና ብቻ የቀረቡ ናቸው።

በሐረጉ ውስጥ የሌለውንም ማስተዋል ይገባል፤ `prevalence` የሚል አራተኛ ቅንፍ አልገባም። ተማሪዎች ሁልጊዜ ይጨምሩታል፣ የመዝገቡም ቁጥር ሲቀንስ ደስ ይላቸዋል። የቀነሰው ግን የሚፈለገውም ጭምር ነው። ስለ ደም ማነስ መንስኤዎች የሚያጠና ጽሑፍ ስርጭቱን ሰንጠረዥ ውስጥ አስቀምጦ በአብስትራክቱ ላያነሳው ይችላል። ፍለጋ ሰፊ ይሁን፤ ማጥበቡ የማጣሪያው ሥራ ነው።

ሐረጉ መሥራቱ የሚታወቀው በመዝገብ ብዛት አይደለም። ከፍለጋው በፊት መግባታቸው የማያጠራጥር አሥር ያህል ጥናቶች ይመረጣሉ። የፐብሜድ ቁጥሮቻቸው በ`OR` ተያይዘው ለብቻቸው ይፈለጋሉ። ዋናው ሐረግ በፍለጋ ታሪኩ ላይ `#1`፣ የታወቁት ጥናቶች `#2` ከሆኑ፣ `#2 NOT #1` ተብሎ ሲጠየቅ ምንም መውጣት የለበትም። የወጣ ካለ ያ መዝገብ ተከፍቶ ሐረጉ የሳተው ቃል ይታያል፣ ይጨመራል። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ተሠርቶ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ማጣራት ሁለት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ በርዕስና በአብስትራክት፣ ቀጥሎ በሙሉ ጽሑፍ። በሁለቱም ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ ይወስናሉ። «ሁለት ሰው አጣርቶታል» ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አንዱ አጣርቶ ሌላው ያጸደቀው ነው፤ ይህ የሁለት ሰው ማጣራት አይባልም።

ስምምነትን በመቶኛ ብቻ መዘገብም ያሳስታል። 200 መዝገቦች ለሙከራ ተወሰዱ እንበል። ሁለቱም 10ሩን አስገቡ፣ ሁለቱም 180ውን አስወጡ፣ በ10ሩ ላይ ተለያዩ፤ አምስት አንዱ ብቻ፣ አምስት ሌላው ብቻ ያስገባው ነው። ስምምነቱ 95 በመቶ ነው፣ ያኮራል። ይሁንና አብዛኛው መዝገብ የሚወጣ ስለሆነ በአጋጣሚ ብቻ 86 በመቶ ያህል መስማማታቸው አይቀርም። አጋጣሚውን የሚቀንሰው የኮኸን ካፓ ሲሰላ ውጤቱ 0.64 ገደማ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ሊገባ ይገባዋል ያለው 20 መዝገብ ነው፤ የተስማሙት በግማሹ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሥራው ይቆማል፤ የተለያዩባቸው አሥሩ ተነበው መስፈርቱ የትኛው ቃል ላይ እንደሚያሻማ ይፈለጋል። የወለዱ ሴቶችን ከነፍሰ ጡሮች ጋር ደባልቆ ያጠና ጽሑፍ ይገባል አይገባም? መልሱ ፕሮቶኮሉ ላይ ተጽፎ ማጣራቱ እንደገና ይጀመራል።

በሙሉ ጽሑፍ ደረጃ እያንዳንዱ የወጣ ጽሑፍ ምክንያቱ ይመዘገባል። ምክንያቶቹ አስቀድመው በቅደም ተከተል ስለሚደረደሩ ጽሑፉ መጀመሪያ ያላሟላው ይጻፋል፤ አለዚያ ሁለቱ አጣሪዎች አንዱን ጽሑፍ በተለያየ ምክንያት አስወጥተው ቁጥሩ አይገጥምም።

በኢትዮጵያ ጥናቶች ላይ በተለይ የሚያጋጥመው ደግሞ የማስተርስ መመረቂያውና ከእሱ የወጣው የመጽሔት ጽሑፍ ነው። አንዱ በዩኒቨርሲቲው ማኅደር፣ ሌላው በመጽሔት ይገኛል። ርዕሳቸው ተቀይሯል፣ የጸሐፊዎቹ ቅደም ተከተል ተለውጧል፤ የድግግሞሽ ማውጫው ሶፍትዌር አይለያቸውም። ሁለቱም ከገቡ እነዚያው ሴቶች ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ። የሚለዩት ቦታው፣ መረጃው የተሰበሰበበት ወርና የናሙናው ብዛት ጎን ለጎን ሲታይ ነው። ፕሪዝማ 2020 «ሪፖርት»ንና «ጥናት»ን ለያይቶ የሚያስቆጥረው እንዲህ ላለው ነው።

ፕሮቶኮል አይቀየርም ማለት አይደለም። ያልታሰበ ነገር ይመጣል፣ መስፈርትም ይሻሻላል። ፕሪዝማ የሚጠይቀው ለውጡ ከነምክንያቱ እንዲገለጽ ነው። ከላይ የተነሣው ቡድን «ቁጥሮቹን ካየን በኋላ የከፍታውን ጉዳይ ወሰንን፤ የሁለቱም መንገድ ውጤት ይኸው» ቢል ኖሮ ጽሑፉ ጉድለቱን የሚናገር፣ ግን የሚታመን ጽሑፍ በሆነ ነበር። አማካሪዎችና የመጽሔት ገምጋሚዎችም የተማሪውን የመጨረሻ ግራፍ ከማየታቸው በፊት ቀን ያለበትን ፕሮቶኮል ይጠይቁ፤ በፕሮስፔሮ የተመዘገበ ከሆነ ቀኑ እዚያው ይገኛል፣ ከፍለጋው ቀን ጋር ማስተያየትም ሁለት ደቂቃ አይወስድም።