የመዋቅር ሥዕል ሲተረጎም ሳጥኑ እንዳይጠብ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመለስ የተቋም መዋቅር ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በትንሿ ሳጥን ነው። «ICT» የሚሉ ሦስት ፊደላት ብቻ የነበሩባት ሳጥን «የኢንፎርሜሽን ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክቶሬት» ሲገባባት ይጠባታል። ሥዕሉ በፓወርፖይንት SmartArt የተሠራ ከሆነ ፕሮግራሙ ጽሑፉን በራሱ ያሳንሰዋል፤ ያውም የእሷን ብቻ ሳይሆን በእርከኑ ያሉትን ሁሉ። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሲያንስ «ሰ»ን ከ«ሱ» የሚለየው ጭረት አይታይም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስሞቹን በሙሉ በሠንጠረዥ አውጥቶ መተርጎም፣ ከዚያም ረጅሙን መርጦ የእርከኑን ሳጥኖች በሙሉ በእሱ ልክ ማስፋት ነው። ወደ ጎን ቦታ ካነሰ የበታች ክፍሎቹን ከአለቃቸው ሥር ወደ ታች መደርደር ይቻላል፤ ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ የሚያሳየው መስመር ግን ፈጽሞ መለወጥ የለበትም። ስሙ በሁለት መስመር ሲከፈልም «የሰው ሀብት» ከላይ፣ «አስተዳደር ዳይሬክቶሬት» ከታች ይሁን፤ «የሰው» ብቻውን ሲቀር አንባቢ ይደናገራል።

ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ አዲስ ምህጻረ ቃል መፍጠርን እቃወማለሁ። ባለጉዳዩ በቢሮው በር ላይ የማያገኘው ስም ሥዕሉ ላይም አይጻፍ። ከመለጠፉ በፊት በኤ4 ወረቀት አትማችሁ፣ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አስነብቡት።