የተሳሳተው መልስ የትኛውን ሕግ አከበረ?

በብሪታንያ መኪና ለመንዳት መጀመሪያ የሚታለፈው የቲዎሪ ፈተና 50 ጥያቄዎች አሉት። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው በ57 ደቂቃ ይሠሩታል፤ ማለፊያው 43 ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 12 ወር በዚያው ፈቃድ መንዳት ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ፈቃዱ ስለማይቀየርለት እንደ ማንኛውም ጀማሪ ጊዜያዊ ፈቃድ አውጥቶ ይፈተናል። ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። ስለዚህ ግማሽ ዕድሜውን መሪ ይዞ የኖረ ሰው ለንደን ውስጥ የሙከራ ፈተና ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ማየት ብርቅ አይደለም።

የሙከራ ፈተና ማረም ቀላል ሥራ ይመስላል። የመልስ ቁልፉን ከፍቶ ኤክስ ማድረግ፣ ትክክለኛውን ፊደል ጽፎ መመለስ። እንዲህ የታረመ ወረቀት ግን ተፈታኙን ፊደል ያሸመድደዋል እንጂ ሕጉን አያስተምረውም፤ ጥያቄው ትንሽ ተለውጦ ሲመጣ ያው ስሕተት ይደገማል። እኔ የማርመው ከተሳሳተው ምርጫ ተነሥቼ ነው። ጥያቄ አውጪዎቹ ለማሳሳቻ የሚያስቀምጧቸው አማራጮች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። አብዛኞቹ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሁኔታ ላይ እውነት የሆኑ ሕጎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ይህ መልስ የት ቢሆን ልክ ይሆን ነበር?

በቅርቡ ወረቀታቸውን ያየሁላቸው ሰው በጂቡቲ መስመር ለብዙ ዓመታት ተሳቢ የነዱ ናቸው። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። በቁልፉ መሠረት 9 ስሕተት ነበረባቸው፤ እዚህ የማነሣው አብዛኞቹን ነው።

የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ነበር። ቀይና ቢጫ አብረው ሲበሩ ምን ያደርጋሉ ይላል። ጋሼ የመረጡት «መንገዱ ክፍት ከሆነ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ» የሚለውን ነው። በብሪታንያ መብራቱ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲሄድ ሁለቱ ቀለሞች ለአፍታ አብረው ይበራሉ፤ ትርጉሙ ግን አሁንም ቁም ነው። ማርሽ ማስገባት ይቻላል፤ ጎማው እንዲዞር ግን አረንጓዴ መምጣት አለበት። እርሳቸው የመረጡት መልስ ልክ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ እርሱም እግረኛ ቁልፍ ተጭኖ የሚያስቆምበት ፔሊካን የሚባለው መሻገሪያ ነው። እዚያ ከቀይ ቀጥሎ የሚመጣው ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ ነው። መሻገሪያው ላይ ሰው ካለ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ከሌለ መሄድ ይፈቀዳል። ከአረንጓዴ በኋላ ብቻውን የሚመጣው የማይብለጨለጭ ቢጫ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ቁም ነው፤ የማይቆመው የማቆሚያውን መሥመር ካለፉ በኋላ ከበራ፣ ወይም በጣም ከመቅረብዎ የተነሣ መቆሙ ራሱ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ቀለም፣ ሦስት ሕግ። ስለ ቢጫ የተጠየቀ ሰው ቀለሙን ሳይሆን አብሮት ምን እንደበራና እንደሚብለጨለጭ ወይም እንደማይብለጨለጭ ማየት አለበት። ይህን ስነግራቸው ጋሼ «ታዲያ ቢጫው ብቻውን ምን ሊነግረኝ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

አደባባይ ላይ የተሳሳቱት ሕጉን ባለማወቅ ሳይሆን አብዝተው በማወቅ ነው። ለማን ቅድሚያ ይሰጣሉ ሲባሉ «ከግራ ለሚመጣ» አሉ። ቀኝ ይዘው በሚነዱበት አገር መኪኖች አደባባዩን የሚዞሩት ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ስለሆነ፣ ሊገቡ ሲሉ የሚመጣባቸው በግራ በኩል ነው። አንገታቸው ዕድሜ ልኩን ወደ ግራ ሲዞር ኖሯል። ብሪታንያ ግራ ተይዞ ስለሚነዳ አደባባዩ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል፤ አደጋው የሚመጣው ከቀኝ ነው፤ ቅድሚያውም ለቀኝ ነው። ይህን እንደ ተራ ግልብጥ አድርገው ብቻ ቢይዙት ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ ይስቱ ነበር፤ ስተዋልም። አደባባዩን ቀጥ ብለው ለማቋረጥ ፍሬቻ መቼ ያበራሉ? «ከመግባቴ በፊት» አሉ። ሌላ ምልክት ወይም የመንገድ ላይ ቀለም ካላዘዘ በስተቀር፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ሲገባ ፍሬቻ አያበራም። ከሚወጣበት መውጫ በፊት ያለውን መውጫ ሲያልፍ የግራውን ያበራል። ቀድሞ ያበራው እንደሆነ በመጀመሪያው መውጫ በኩል ለመግባት የሚጠብቀው ሾፌር «ይህማ እዚህ ሊወጣ ነው» ብሎ ይገባበታል።

በወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የወሰደብን የማቆሚያ ርቀት ነው። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ፣ ሃይዌይ ኮድ፣ በሰዓት 30 ማይል፣ ማለትም 48 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሚሄድ መኪና ለመቆም 23 ሜትር ይፈጃል ይላል። ጥያቄው በ60 ማይል ስንት ይሆናል የሚል ነበር። ጋሼ 46 ላይ ከበቡ። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ርቀቱም እጥፍ ይሆናል ብለው ነው፤ የሚሰማ ነገር ይመስላል። 23ቱን ሜትር ስንከፍተው ግን ሁለት ነገር አለበት። 9 ሜትሩ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ መኪናው የሚሄደው ነው፤ 14ቱ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ነው። የመጀመሪያው በእርግጥ በእጥፍ ያድጋል፤ 9 የነበረው 18 ይሆናል፤ ሰውየው ለማሰብ የሚፈጅበት ጊዜ ያው ስለሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ መኪናው ሁለት እጥፍ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን እንዲህ አይደለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ነው። 14 በ4 ሲባዛ 56 ይመጣል፤ መጽሐፉ 55 ይላል፤ ልዩነቱ ቁጥር ከማጠጋጋት የመጣ ነው። 18 እና 55 ሲደመር 73 ሜትር። የጋሼ መኪና 46 ሜትር ላይ የምትቆም መስሏቸው ሳለ ገና 27 ሜትር ይቀራታል። ይህም በደረቅ መንገድ ነው። መንገዱ እርጥብ ከሆነ ከፊት ካለው መኪና የሚጠበቀው ርቀት ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት፤ በበረዶ እስከ አሥር እጥፍ ይደርሳል። ተሳቢ የነዳ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ወረቀት ላይ ግን እጁ በሁለት አባዛ።

የፍጥነት ምልክቱ ስሕተት አጭር ነው። ነጭ ክብ ላይ በሰያፍ የተሰመረ ጥቁር መሥመር ሲያዩ «የፍጥነት ገደብ አብቅቷል» አሉ። በብሪታንያ ይህ ምልክት አገር አቀፉ ገደብ ከዚህ ይጀምራል ማለት ነው፤ ለቤት መኪና በተራ መንገድ 60፣ በአካፋይ በተለየ መንገድ 70 ማይል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ረድፍ ያለው መንገድ መሐሉ ላይ ቀለም ብቻ ከተቀባ አሁንም 60 ነው። 70 የሚያደርገው የረድፉ ብዛት ሳይሆን መሐል ላይ የቆመው አካፋይ ነው።

ስለ መብራት ብልጭታና ስለ ክላክስ የተጠየቁትን ሁለት ጥያቄዎች አንድ ላይ ሳቱ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ክላክስ ሰላምታ ነው፣ ስድብ ነው፣ ምስጋናም ነው፤ ይህንን ሁሉ ያለ ቃል የተነጋገረ ሰው «መብራት ብልጭ ያደረገልዎት ሾፌር ምን እያለ ነው?» ሲባል «እለፍ» ማለቱ አያስገርምም። ሃይዌይ ኮድ ግን ለሁለቱም አንድ ትርጉም ብቻ ይሰጣል፦ እዚህ ነኝ። ስለዚህ ብልጭ ቢደረግልዎትም እለፍ ተብያለሁ ብሎ መግባት የለም፤ መንገዱን ራስዎ ዓይተው ይወስናሉ። ክላክስ ደግሞ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት ድረስ መንፋት ክልክል ነው፤ ቆመው ሳለም ሌላ መኪና አደጋ ካልደቀነብዎት በስተቀር አይነፋም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እርማቴን ራሱን አስቆመው። ወደ ጎን መንገድ ሊታጠፉ ነው፤ ጥጉ ላይ ለመሻገር የሚጠብቅ እግረኛ አለ። ጋሼ ለእግረኛው ቅድሚያ እሰጣለሁ ብለው ነበር፤ ቁልፉ ስሕተት ነው ይላል። በቁልፉ መሠረት ቅድሚያ የሚያገኘው መሻገር የጀመረ እግረኛ ብቻ ነው። የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት አየሁ፤ ከ2022 በፊት የወጣ ነው። ደንቡ ከጥር 2022 መጨረሻ ጀምሮ ተለውጧል፤ አሁን ሾፌሩ ለሚሻገረው ብቻ ሳይሆን ለመሻገር ለሚጠብቀውም ቅድሚያ መስጠት አለበት። ኤክሱን ሰርዤ ራይት አደረግሁላቸው። ከጓደኛ የተዋሱት መጽሐፍ እንዲህ ያደርጋል፤ ገጹ ሳይጎድል ሕጉ ያረጃል። ከማረም በፊት ኅትመቱን ማየት ይሻላል፤ በተለይ ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት የሚጠይቁትን፣ የ2022ቱ ለውጥ የበዛው በእነርሱ ላይ ነውና። በዌልስም እንዲሁ፣ የመንገድ መብራት ባለበት ሠፈር የነበረው የ30 ማይል ገደብ በመስከረም 2023 ወደ 20 ወርዷል።

ወረቀት በማረም የማይደረስበት አንድ ክፍል አለ። በዚያው ቀን፣ ከ50ዎቹ ጥያቄዎች ቀጥሎ 14 አጫጭር ቪዲዮዎች ይመጣሉ። ተፈታኙ አደጋ ሲፈጠር እንዳየ ማውሱን ይጫናል። ፈጥኖ ያየ 5 ነጥብ፣ እየዘገየ ሲሄድ ከዚያ ያነሰ ያገኛል፤ ከ75 ማለፊያው 44 ነው። በአንዱ ክፍል የወደቀ ሁለቱንም ይደግማል። ጋሼ ልምምዱ ላይ በአንዳንዱ ቪዲዮ ዜሮ አገኙ፤ የሆነው ግን አርፍደው ስላዩ አልነበረም። የቆመ መኪና ገና ከሩቅ ሲታይ፣ በሩ ሳይከፈት ይጫናሉ። ኮምፒውተሩ ነጥብ መቁጠር የሚጀምረው አደጋው ሾፌሩን ፍጥነት ወይም አቅጣጫ ሊያስለውጥ ሲጀምር ስለሆነ የእርሳቸው ጭነት ነጥብ ከሚሰጥበት ጊዜ ውጭ ወደቀ። መላው ሲጠረጥሩ አንዴ፣ ነገሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ አንዴ መጫን ነው። በየሰከንዱ እንደ ምት መደጋገም ግን አይሆንም፤ ኮምፒውተሩ ተፈታኙ እየገመተ ነው ብሎ የዚያን ቪዲዮ ነጥብ ጠቅላላ ይሰርዘዋል።