አንድ ጥቅስ፣ ሦስት ፍርድ፦ መጽሐፈ ሄኖክ በቀኖና ውስጥና ከቀኖና ውጭ

አንድ መጽሐፍ በአንዱ የቅዱሳት መጻሕፍት ቀኖና ውስጥ ተቆጥሮ በሌላው ሳይገኝ ሲቀር፣ ልማዳዊው ማብራሪያ «ተቀነሰ» ወይም «ተጨመረ» የሚል ነው። ሁለቱም አነጋገሮች አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ የተሟላ ዝርዝር እንደ ነበረና አንዱ ወገን ከዚያ እንደ ወጣ ያስባሉ። የመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ ግን ይህን ግምት አይደግፍም። መጽሐፉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከብሉይ ኪዳን መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ በአይሁድ፣ በካቶሊክ፣ በፕሮቴስታንትና በአብዛኞቹ ሌሎች የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ውስጥ የለም። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ እንዴት እንደ ተፈጠረ በዚህ በአንድ መጽሐፍ አማካይነት ይመረምራል። ያልተለየ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መጽሐፉ 108 ምዕራፎች ያሉት ሲሆን በውስጡ አምስት የተለያዩ ክፍሎች ይገኛሉ። እነርሱም ስለ ትጉሃን መላእክት ውድቀት የሚናገረው፣ የምሳሌዎቹ ክፍል፣ የሰማይ ብርሃናትን ሥርዓት የሚገልጸው፣ የሕልም ራእዮቹና የምክርና የተግሣጽ መልእክቱ ናቸው። በቁምራን አራተኛው ዋሻ የ11 ቅጂዎች ቁርጥራጮች በአራማይስጥ ቋንቋ ተገኝተዋል። ከእነዚህ ጥንታውያኑ በፊደላቸው ቅርጽ ሲመዘኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ200 ዓመት ገደማ የተጻፉ ናቸው። ከምሳሌዎቹ ክፍል በቀር ሌሎቹ ክፍሎች በዚያ ተገኝተዋል። ስለዚህ መጽሐፉ ክርስቲያኖች ወይም ኢትዮጵያውያን የደረሱት አለመሆኑ የተረጋገጠ ነው። በዳግማዊው ቤተ መቅደስ ዘመን የነበሩ አይሁድ ያነቡትና ይገለብጡት ነበር።

ታዲያ ከአይሁድ ቀኖና ለምን ቀረ? ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው የነቢያት ዘመን ወሰን ነው። በአንደኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጻፈው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የሚባለው ሳይሆን ታሪክ ጸሐፊው ፍላቪዮስ ዮሴፍ፣ አይሁድ የሚያምኑባቸው መጻሕፍት 22 ብቻ እንደ ሆኑና እነርሱም ከሙሴ እስከ ፋርሱ ንጉሥ አርጤክስስ ዘመን ባለው ጊዜ እንደ ተጻፉ ተናግሯል። ሄኖክ ከሙሴ በፊት የነበረ አባት በመሆኑ በስሙ የተጠራው መጽሐፍ ከዚህ ወሰን ውጭ ይውላል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። መጽሐፉ ዓመቱን 364 ቀናት ያደርገዋል። ይህም በትክክል 52 ሳምንታት ስለሚሆን በዓላት በየዓመቱ በተመሳሳይ የሳምንቱ ቀን ይውላሉ። ረቢዎቹ የመሩት ማኅበረሰብ ግን በዓላቱን በጨረቃ ወር ይወስን ነበር። በበዓል ቀን የማይስማሙ ሰዎች በአንድነት ማምለክ ስለማይችሉ፣ ይህ የሥነ ፈለክ ልዩነት ብቻ አልነበረም።

ሆኖም የዘመን አቆጣጠሩን ብቸኛ ምክንያት ማድረግ አይቻልም። መጽሐፉን የተቀበለችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በባሕረ ሐሳብ የምትቆጥረው ዓመት 365 ቀን ከሩብ እንጂ 364 ቀን አይደለም። አንድ ማኅበረሰብ የመጽሐፉን ቁጥር በሥራ ሳያውል መጽሐፉን እንደ ቅዱስ ሊይዝ እንደሚችል ይህ ያስረዳል። ስለዚህ ከይዘቱ ባሻገር አንባቢዎቹ በምን መስፈርት እንደ መዘኑት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው በሐዲስ ኪዳን የሚገኘው የይሁዳ መልእክት ነው። መልእክቱ በቁጥር 14 እና 15 ከአዳም ሰባተኛ የሆነው ሄኖክ ስለ ጌታ መምጣት እንደ ተነበየ ይናገርና ቃሉን ይጠቅሳል። ቃሉ በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 1 ቁጥር 9 ይገኛል። ይህን ጥቅስ ሦስት የላቲን ጸሐፍት ተመልክተው ሦስት የተለያዩ ፍርዶች ሰጥተዋል።

ጠርጡልያኖስ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ስለ ሴቶች ጌጥ ሲጽፍ መጽሐፈ ሄኖክን ተከላክሏል። አንዳንዶች መጽሐፉን የማይቀበሉት በአይሁድ መጻሕፍት መካከል ስለሌለ መሆኑን ያውቃል። ከጥፋት ውኃ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ እንዴት ተረፈ ለሚሉትም የሄኖክ የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው ኖኅ ሊጠብቀው ይችል እንደ ነበር ይመልሳል። የመጨረሻ ማስረጃው የይሁዳ ምስክርነት ነው። ሐዋርያዊ መልእክት የጠቀሰው መጽሐፍ ሊጣል አይገባም ይላል።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ጀሮም ስለ ታዋቂ ጸሐፍት በጻፈው መጽሐፍ ያው ጥቅስ በተቃራኒው አቅጣጫ እንደ ሠራ ይመሰክራል። ብዙዎች የይሁዳን መልእክት አንቀበልም ያሉት መጽሐፈ ሄኖክን ስለ ጠቀሰ ነበር። በጠርጡልያኖስ ዘንድ መልእክቱ መጽሐፉን ከፍ ሲያደርገው፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ መጽሐፉ መልእክቱን ዝቅ አደረገው። ጀሮም ራሱ መልእክቱን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ይቆጥራል። ምክንያቱን ሲገልጽም በዘመኑ ርዝመትና በምእመናን ዘንድ በማገልገሉ ሥልጣን እንዳገኘ ይናገራል።

አውግስጢኖስ ደግሞ በ«የእግዚአብሔር ከተማ» መካከለኛ መንገድ ይዟል። የይሁዳን ምስክርነት ስለሚያከብር ሄኖክ መንፈሳዊ ነገር ጽፎ እንደ ነበር አይክድም። ነገር ግን በስሙ የሚዞረው መጽሐፍ ከመጠን በላይ ጥንታዊ ነው ስለሚባል፣ በቤተ መቅደስ በካህናት ጥበቃ ሲወርድ የመጣም ስላልሆነ፣ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ አይቻልም ይላል። በተጨማሪም በዘፍጥረት ምዕራፍ 6 የተጠቀሱት የእግዚአብሔር ልጆች መላእክት ሳይሆኑ የሴት ልጆች ናቸው የሚለውን ትርጓሜ ስላጸና፣ የመላእክቱን ውድቀት በሰፊው የሚተርከው ክፍል የነበረው ተቀባይነት ቀነሰ።

ማስረጃው አንድ ሆኖ ፍርዱ የተለያየው መስፈርቱ ስለ ተለያየ ነው። ለጠርጡልያኖስ ወሳኙ የሐዋርያት ምስክርነት ነው፤ ለአውግስጢኖስ የአይሁድ ጥበቃ፤ ለጀሮም የረጅም ጊዜ አገልግሎት። በምዕራቡ ዓለም ሁለተኛውና ሦስተኛው መስፈርቶች በሄኖክ ላይ ተባበሩበት። በቤተ መቅደስ አልተጠበቀም፤ በላቲን አብያተ ክርስቲያናትም በሰፊው አልተገለበጠም። ከላቲኑ ትርጉም እስከ ዛሬ የሚታወቀው ከምዕራፍ 106 የተወሰደ አጭር ክፍል ብቻ ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉት ታላላቅ የግሪክ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥራዞች፣ የቫቲካኑና የሲናው፣ መጽሐፉን አልያዙም።

ለኢትዮጵያ ጉዳይ ይበልጥ አስቸጋሪው ጥያቄ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነው። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ይኸው አባት በ367 ዓ.ም. በላከው 39ኛው የትንሣኤ መልእክቱ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ሲወስን ከሙሴ በፊት መጽሐፍ እንዳልነበረ ተናግሮ በሄኖክ ስም የሚነበቡትን ነቅፏል። የነቀፋው ቃል በቅብጥ ቋንቋ በተረፈው የመልእክቱ ክፍል ይገኛል። እናት ቤተ ክርስቲያን የነቀፈችውን መጽሐፍ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ይዛ የቆየችው እንዴት ነው?

የመልሱ አንዱ ክፍል መልእክቱ በግብፅ ራሷ የነበረው ኃይል ውሱን መሆኑ ነው። በላይኛው ግብፅ በአክሚም ከአንድ መቃብር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተገኘው የግሪክ ጥራዝ የሄኖክን የመጀመሪያዎቹን 32 ምዕራፎች ይዟል፤ የተጻፈውም ከአትናቴዎስ በኋላ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ከተነቀፈ በኋላም ይገለበጥ ነበር። ሌላው ክፍል የትርጉሙ ጊዜ ነው። ወደ ግእዝ የተመለሰው ከግሪክ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች ሥራውን ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ባለው የአክሱም ዘመን ያኖሩታል። ያ ዘመን የዝርዝሩ ወሰን በየስፍራው ገና ያልጸናበት ነው። በግእዝ ብራናዎች መጽሐፈ ሄኖክ ከኢዮብ፣ ከኢሳይያስና ከዳንኤል ጋር በአንድ ጥራዝ ሲጻፍ ይታያል። እንዲህ አብሮ የተጠረዘውን መጽሐፍ ጸሐፊውም አንባቢውም ከነቢያት መጻሕፍት ለይቶ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም።

ይህ ማለት ግን በኢትዮጵያ ክርክር አልነበረም ማለት አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራው መጽሐፈ ሚላድ ሄኖክን ደጋግሞ ይጠቅሳል፤ መጽሐፉን የማይቀበሉትንም ይሞግታል። ተከላካይ መኖሩ ተቃዋሚ መኖሩን ያሳያል። ቤተ ክርስቲያኒቱ የያዘችው 81 የሚለው ቁጥርም ጥያቄውን ብቻውን አይዘጋውም። ሮጀር ካውሊ በ1974 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ቁጥሩ ጸንቶ አቆጣጠሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ብሉያቱን 46 ሐዲሳቱን 35 ያደርጋል፤ በዚህ ሲኖዶስን፣ ዲድስቅልያንና መሰል የሥርዓት መጻሕፍትን ከሐዲስ ኪዳን ጋር ይቆጥራል። ሁለተኛው ብሉያቱን 54 ሐዲሳቱን 27 በማድረግ እነዚያን ይተዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ሄኖክ ቦታውን አልለቀቀም።

ከላይ የቀረበው ማስረጃ ወሰን አለው። የአክሱም ዘመን የሄኖክ ብራና አልተገኘም። ጥንታውያን የሚባሉት የግእዝ ቅጂዎች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አይቀድሙም። ከትርጉሙ እስከ እነርሱ ያለው የብዙ መቶ ዓመታት ክፍተት መጽሐፉ በመጀመሪያዎቹ ተርጓሚዎች ዘንድ ምን ማዕረግ እንደ ነበረው በቀጥታ እንድናይ አይፈቅድም። የቁምራን ቁርጥራጮችም መጽሐፉ ይነበብ እንደ ነበር እንጂ በዝርዝር ውስጥ ይቆጠር እንደ ነበር አያረጋግጡም። መገልበጥና ቀኖና ማድረግ አንድ አይደሉምና።

ቢሆንም የተመለከትነው አካሄድ አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል። መጽሐፈ ሄኖክን ከሁሉም አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር የፋቀ አንድ ጉባኤ አልነበረም፤ ወደ ኢትዮጵያው ዝርዝር ያስገባውም አንድ ቀን የተሰጠ ውሳኔ ሆኖ አይታይም። በአንድ ወገን መጽሐፉ መገልበጡ ቀስ በቀስ ቆመ፤ በሌላው ወገን በትርጉም፣ በጥራዝና በትምህርት ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ዓ.ም. ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ ሲመለስ፣ በዚያ እንደ ጠፋ ይቆጠር የነበረው መጽሐፍ በኢትዮጵያ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ሳይቋረጥ ይነበብ ነበር። በዚህ ምክንያት ስለ ቀኖና ልዩነት ሲጠና «ማን ቀነሰው?» ከሚለው ይልቅ «ማን፣ በየትኛው ቋንቋና ከየትኞቹ መጻሕፍት ጋር ገለበጠው?» የሚለው ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል።