የሎግ ቅንፍ አይበተንም

ፈተናው log₂(x + 4) = 3 ይላል። ተማሪዋ ቅንፉን በትና log₂x + log₂4 = 3 ብላ ጻፈች። log₂4 ሁለት ነውና ለlog₂x የቀረው አንድ ነው፤ ስለዚህ x = 2 አለች። ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ ስርዝ ድልዝ የለበትም። ግን ተሳስታለች።

መልሷን ወደ ጥያቄው እንመልሰው። በx ቦታ 2 ስናስገባ ቅንፉ ውስጥ 6 እናገኛለን። ሁለት በስንት ፓወር 6 ይሆናል? በሁለት ፓወር 4፣ በሦስት ፓወር ደግሞ 8 ነው። 6 በመካከል ስለሚወድቅ መልሱ 3 ሊሆን አይችልም። ትክክለኛው መንገድ ከዚህም ያጥራል፦ ሁለት በሦስት ፓወር 8 ስለሆነ x + 4 = 8፣ x = 4።

የዚህ ስሕተት ምንጭ 2(x + 4) ይመስለኛል። እዚያ 2 ቅንፉ ውስጥ ላሉት ለሁለቱም ይደርሳል፤ እጃችንም ለዓመታት ይህን ለምዷል። ሎግ ግን የሚባዛ ቁጥር አይደለም። «ቤዙ በስንት ፓወር ቢነሣ ይህን ቁጥር ይሰጣል?» የሚል ጥያቄ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒር በ1614 እ.ኤ.አ. ሎጋሪዝምን ለዓለም ያስተዋወቀው አድካሚውን ማባዛት ወደ መደመር ለመቀየር ነበር። በቤዝ 10 ብናየው፣ የ100 ሎግ 2፣ የ1000 ሎግ 3 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 5 ይሆናሉ፤ 5 ደግሞ የ100,000 ሎግ ነው፤ ማለትም የብዜታቸው። የድምራቸው የ1100 ሎግ ግን ከ3 እምብዛም አይርቅም፤ 3.04 ገደማ ነው። ሎግ ሲደመር ውስጡ ያሉት ቁጥሮች ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም።

ሕጉን በቁጥር መፈተን ጥሩ ልማድ ነው፤ 2 እና 2ን ግን አትምረጡ። ድምራቸውም ብዜታቸውም 4 ስለሆነ የተሳሳተው ሕግ ትክክል መስሎ ይታያል።

ትክክለኛውን ሕግ የያዘም ተማሪ መጨረሻ ላይ ሊሰናከል ይችላል። log₂x + log₂(x − 2) = 3 ቢሰጠው በትክክል x(x − 2) = 8 ይላል፤ ከዚያም x² − 2x − 8 = 0፣ በመጨረሻም x = 4 ወይም x = −2። ብዙዎች ሁለቱንም መልስ አድርገው ያስረክባሉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ግን log₂x አለ፤ ሁለት ደግሞ በየትኛውም ፓወር ቢነሣ ኔጌቲቭ አይሆንም። ሁለቱ ሎጎች አንድ ሲሆኑ −2 ሾልኮ የገባው፣ ሁለት ኔጌቲቮች ማለትም −2 እና −4 ተባዝተው ፖዘቲቭ 8 ስለሚሰጡ ነው። 4ን በመጀመሪያው መስመር ብናስገባ 2 + 1 = 3 ይሰጣል፤ መልሱ 4 ብቻ ነው።