ገጽ 34 የትኛው ነው? ትልቅ ፒዲኤፍን በምዕራፍ መክፈልና ብዙ ሰነዶችን በአንድ የገጽ ቁጥር ማያያዝ

አማካሪ መምህሩ «ገጽ 34 ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አስተካክል» ብለው ይጽፋሉ። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ፒዲኤፍ ከፍቶ ከላይ ባለችው የገጽ ሳጥን ውስጥ 34 ብሎ ሲያስገባ የሚመጣለት ሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ ሰንጠረዡ ከዚያ 12 ገጽ ወረድ ብሎ ይገኛል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። መምህሩ ያነበቡት ከገጹ ግርጌ የታተመውን ቁጥር ሲሆን ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ግን ከሽፋኑ ጀምሮ ነው።

ፒዲኤፍ ከፍለው ወይም አያይዘው የተቸገሩ ሰዎች ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል። አንድ ገጽ ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው በፋይሉ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ የሚናገረው ነው፤ ይህን ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው በገጹ ላይ እንደማንኛውም ጽሑፍ የተጻፈው ነው። ኮምፒውተሩ ለዚህኛው ደንታ የለውም፤ በግርጌ ያለችውን «34» ከአንቀጽ ውስጥ ካለ ሌላ ቁጥር ለይቶ አያያትም። ስለዚህ ፋይሉን ስንቆርጥም ስንቀጥልም የታተሙት ቁጥሮች በነበሩበት ይቀራሉ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። 118 ገጽ ያለው የማስተርስ ጽሑፍ አለ እንበል። ሽፋኑ፣ የፈታኞች ፊርማ ያለበት ገጽ፣ ምስጋናው፣ ማውጫው፣ የሰንጠረዦች ዝርዝርና የምህጻረ ቃላት ዝርዝሩ በድምሩ 12 ገጽ ይይዛሉ፤ ቁጥራቸውም በሮማውያን አኃዝ ከ i እስከ xii ነው። «1» የሚል የታተመበት የምዕራፍ አንድ መጀመሪያ በፋይሉ 13ኛ ገጽ ነው። ልዩነቱ 12 ነው ማለት ነው። በማውጫው ላይ ምዕራፍ ሦስት ከ34 እስከ 52 ከሆነ ከፋይሉ የምንቆርጠው ከ46 እስከ 64 ያለውን ነው። ከመቁረጥ በፊት 52 ላይ 34 ቀንሶ 1 መደመር ነው፤ 19 ይመጣል። የተቆረጠው ፋይል 19 ገጽ ካልሆነ አንድ ቦታ ስህተት አለ።

ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው አንድ አይሆንም። በተለይ ስካን የተደረገ የቆየ መጽሐፍ መሐሉ ላይ ቁጥር የሌላቸው የፎቶግራፍ ወይም የካርታ ገጾች ይኖሩታል፤ ከእነሱ በኋላ ልዩነቱ ከ12 ወደ 16 ወይም ወደ 20 ያድጋል። ስካን ሲደረግ የተዘለለ ገጽ ካለ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ልዩነቱን መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ብቻ ሳይሆን መጨረሻው ላይም መለካት ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተስማሙ የተቀየረበትን ምዕራፍ ፈልጎ ማግኘት ግድ ነው። ሌላው የሚረሳ ነገር፣ አንድ ምዕራፍ በገጽ አጋማሽ አልቆ ቀጣዩ እዚያው ገጽ ላይ ሲጀምር ያ ገጽ በሁለቱም ፋይሎች ውስጥ መግባት አለበት።

ለመቁረጥ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው። ክሮም ላይ ፋይሉን ከፍቶ ማተሚያውን መጫን፣ መድረሻውን Save as PDF ማድረግና ገጹን 46-64 ብሎ መስጠት ለአንድ ምዕራፍ ይበቃል፤ በውስጡ የነበሩት ማያያዣዎች ግን ይጠፋሉ። ፋይሉ በጎን በኩል የሚታዩ የምዕራፍ ቡክማርኮች ካሉት PDFsam Basic የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሁሉንም ምዕራፎች በየቡክማርካቸው በአንድ ጊዜ ይከፋፍላቸዋል። እነዚህ ቡክማርኮች እንዲኖሩ ጸሐፊው ወርድ ላይ የምዕራፍ ርዕሶቹን በ Heading 1 ጽፎ፣ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀይር በአማራጮቹ ውስጥ ቡክማርክ ፍጠር የሚለውን መምረጥ አለበት። ትእዛዝ መጻፍ ለማይከብደው ሰው qpdf የሚባለው ነፃ መሣሪያ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፦

```
qpdf --empty --pages tsihuf.pdf 46-64 -- m3.pdf
```

ማያያዝ ከመቁረጥ ይከብዳል። አምስቱ ምዕራፎች ለየብቻ በወርድ ተጽፈዋል፤ እያንዳንዳቸው ከ«1» ይጀምራሉ። የፊርማው ገጽ በስልክ ስካን የተደረገ ነው፣ የትብብር ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤት ማኅተም ተደርጎበት የመጣ ነው፣ ሰንጠረዦቹ ከኤክሴል ናቸው። ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ በቅደም ተከተል መደርደር የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚወጣው ጥራዝ ግን አምስት ቦታ «ገጽ 1» ይኖረዋል።

ይህን ለማስተካከል ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ የተያያዘውን ፒዲኤፍ መልሶ ወደ ወርድ መቀየር ነው። እኔ ይህን አልመክርም፤ ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ጭራሽ። ሰንጠረዦች ይፈራርሳሉ፣ መስመሮች ይሰበራሉ። እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉት የቀድሞ ፎንቶች የተጻፈ መጠይቅ ካለ ደግሞ በፒዲኤፉ ላይ ጥርት ብሎ ይነበብ የነበረው ፊደል ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ምክንያቱ ፒዲኤፍ የፊደሉን ቅርጽ በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ ነው። ቅርጹ እስካለ ድረስ ገጹ በየትኛውም ኮምፒውተር ያው ነው፤ ጽሑፉን ከቅርጹ ነጥሎ ማውጣት ሲጀመር ነው መዘበራረቁ የሚመጣው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ በየወርድ ፋይሉ ገብቶ የምዕራፎቹን የገጽ ቁጥር ማጥፋት፣ ከዚያ ቁጥር አልባ ሆነው ወደ ፒዲኤፍ እንዲቀየሩ ማድረግ፣ አያይዞ መጨረስ፣ በመጨረሻም ቁጥሩን በጠቅላላው ጥራዝ ላይ አንድ ጊዜ ማሳረፍ። እያንዳንዱን ምዕራፍ «ከ34 ጀምር» እያሉ በወርድ ማስቆጠርም ይቻላል፤ ነገር ግን ምዕራፍ አንድ ላይ ግማሽ ገጽ በተጨመረ ቁጥር ከኋላው ያሉትን ሁሉ እንደገና መክፈት ይጠይቃል።

የመጀመሪያዎቹ 12 ገጾች በሮማውያን አኃዝ የሚቆጠሩትም በከንቱ አይደለም። ማተሚያ ቤቶች ማውጫውንና መቅድሙን የሚለቅሙት የመጽሐፉ ዋና ክፍል ካለቀ በኋላ ስለነበር፣ መግቢያው ሲረዝም የምዕራፎቹ ቁጥር እንዳይነካ ለብቻው ይቆጥሩት ነበር። ዛሬም ጥቅሙ ይኸው ነው። ማውጫው ከሁለት ወደ ሦስት ገጽ ቢያድግ ምዕራፍ ሦስት ያው ገጽ 34 ላይ ይቀራል። ስለዚህ መግቢያ ገጾቹን በወርድ ላይ በራሳቸው ቁጥር ትቶ ቁጥር የሚታተመው ከ13ኛው ገጽ ጀምሮ ብቻ ነው።

ለዚህ የሚያገለግል አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ወርድ ላይ አዲስ የኤ4 ሰነድ ተከፍቶ 106 ባዶ ገጾች ይዘጋጃሉ፤ በግርጌያቸው የገጽ ቁጥር ብቻ ይገባል። ፎንቱና መጠኑ መግቢያ ገጾቹ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ይህ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር የገጹ ነጭ ክፍል ቀለም ስለሌለው፣ በሌላ ገጽ ላይ ሲደረብ የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ይሆናል። ቀሪው ማያያዝና መደረብ ነው፦

```
qpdf --empty --pages megbia.pdf m1.pdf m2.pdf m3.pdf m4.pdf m5.pdf abari.pdf -- hulu.pdf
qpdf hulu.pdf --overlay kutir.pdf --to=13-z -- wutet.pdf
```

በሁለተኛው መስመር 13-z ማለት «ከ13ኛው ገጽ እስከ መጨረሻው» ነው። ትእዛዝ የማይጽፍ ሰው ይህንኑ ቁጥር የማስገባት ሥራ የሚያቀርብ የፒዲኤፍ ማስተካከያ ፕሮግራም ሊጠቀም ይችላል። መፈለግ ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ ከስንተኛው ገጽ እንደሚጀምርና ከየትኛው ቁጥር እንደሚጀምር ለየብቻ የሚጠይቅ መሆን አለበት። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የማይጠይቅ ፕሮግራም ሽፋኑን «ገጽ 1» ያደርገዋል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው በአብዛኛው የገጹ ልክ ነው። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። በስልክ የተነሣው ደብዳቤ ግን በአሜሪካው ሌተር ልክ፣ 216 በ279 ገደማ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንዴም ከፎቶው ጋር የሚሄድ የራሱ ልክ ይኖረዋል። ያኔ ቁጥሩ እዚያ ገጽ ላይ ከፍ ወይም ወደ ጎን ይላል፣ አንዳንዴም ጽሑፍ ላይ ይወጣል። ወደ ጎን የተኛ ሰንጠረዥ ያለበት ገጽም እንዲሁ ያስቸግራል። ስለዚህ ከመደረቡ በፊት እነዚያን ገጾች ብቻ ነጥሎ በኤ4 ልክ እንደገና ማስቀመጥ ይሻላል። የቀድሞ ቁጥር ያለበትና ምንጩ የጠፋ ገጽ ካለ በነጭ ሳጥን መሸፈን ይቻላል፤ ቁጥሩ ግን ከሥር አለ፣ ሲፈለግም ይገኛል።

አሁን ወረቀቱ ላይ ያለው ተስተካክሏል፤ መጀመሪያ ያነሣነው የመምህሩና የተማሪው አለመግባባት ግን እንዳለ ነው። ፒዲኤፍ ለዚህ መፍትሔ አለው። በፋይሉ ውስጥ ለገጾቹ መጠሪያ መስጠት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ይህን የሚያነቡ እንደ አክሮባት ያሉ ማንበቢያዎች የገጽ ሳጥኑ ውስጥ 34 ሲባሉ ወደ ታተመው 34 ይወስዳሉ።

```
qpdf wutet.pdf --set-page-labels 1:r 13:D -- tsihuf.pdf
```

ከ1ኛው ገጽ ጀምሮ ትንንሽ የሮማውያን አኃዝ፣ ከ13ኛው ጀምሮ መደበኛ ቁጥር ማለት ነው። ትእዛዙ አዲሶቹ የ qpdf እትሞች ላይ አለ። መጠሪያ የተሰጠው ፋይል በ qpdf በምዕራፍ ሲቆረጥ ምዕራፍ ሦስት መጠሪያውን ይዞ ከ34 ይጀምራል፤ አንባቢ ምዕራፉን ለብቻው ቢያገኘውም የጠቀሰው ገጽ ከሙሉው ጥራዝ ጋር ይገጥማል። ይህ በተለይ ምዕራፎችን ለተለያዩ ገምጋሚዎች ለሚልክ ሰው ትልቅ እረፍት ነው።

ፋይሉን የሚከፍሉት ለኢሜይል ከብዷቸው ከሆነ መጀመሪያ ክብደቱ የት እንዳለ ይዩ። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ አይልክም። ሆኖም ጽሑፍ ብቻ ያለበት መቶ ገጽ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ የሚያከብደው አባሪው ውስጥ በከለር ስካን የተደረገው ጥቂት ገጽ ነው። እሱን ብቻ በጥቁርና ነጭ፣ በ300 ዲፒአይ እንደገና ስካን ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፊርማ፣ ማኅተም ወይም የተጠያቂዎች ስም ያለበትን ሰነድ ደግሞ በነፃ እናያይዛለን ወደሚሉ ድረ ገጾች አትጫኑ። ከላይ የተጠቀሱት ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ሳይፈልጉ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ።

ጥራዙ ወደ ጠራዡ ከመሄዱ በፊት ማውጫውን ይዘው የየምዕራፉን የመጀመሪያ ገጽና የእያንዳንዱን ሰንጠረዥ ገጽ አንድ በአንድ ይክፈቱ። የገጾቹ ጠቅላላ ብዛትም ከክፍሎቹ ድምር ጋር እኩል መሆኑን ያረጋግጡ። ቁጥር ያልታተመባቸውን የየምዕራፉን ፋይሎች አይሰርዟቸው፤ ፈታኞቹ እርማት ሲሰጡ ሥራው የሚጀመረው ከእነሱ ነው።